ተረት ካለ ደረሰኝ ለምኔ

ለእድራችን ሊቀመንበር ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ባለፈው እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት ተነስቶ «ሂሳባችን በውጭ ኦዲተር ይመርመር» አለ። ሌላ እድር ቢሆን ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተር፣ ሞዴል እየተባለ ይመሽ ነበር። እኛ በሦስት ደቂቃ ተገላገልን። ሊቀመንበራችን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «ልጄ፣ እድር ማለት ቤተሰብ ነው። አባትህ አስቤዛ ገዝቶ ሲገባ ደረሰኝ አምጣ ትለዋለህ?» አሉት። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ ተቀመጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አባቱን ደረሰኝ የሚጠይቅ ባለጌ መባል ማን ይፈልጋል?

የዚህ ጥበብ ውበቱ ማንም የማይክደውን ይዞ መነሳቱ ነው። እድርና ቤተሰብ አይመሳሰሉም የሚል ካለ እስቲ ይውጣ! ሁለቱም ሐዘን ላይ ይደርሳሉ፤ ሁለቱም አብረው ይበላሉ፤ ሁለቱም ውስጥ የሚኮራረፍ አይጠፋም። ሦስት መመሳሰል ከተቆጠረ አራተኛው ሳይጠሩት ይመጣል፤ እሱም «ሂሳብ አይጠየቅም» የሚለው ነው። ዴቪድ ሂዩም የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ፈላስፋ፣ ሁለት ነገሮች በተራራቁ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወሰደው ማስረጃ እየሳሳ ይሄዳል ብሎ ነበር። ምን ያድርግ፣ እድር አልነበረው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። የሰው ደስታ አይወዱም። ከስብሰባው ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ነዘነዙኝ። «አባትህን ደረሰኝ የማትጠይቀው ለምንድን ነው?» አሉኝ። አባቴ ስለሆነ ነዋ! «አይደለም። አንደኛ የሚያወጣው የራሱን ደመወዝ ነው። ሁለተኛ ገዛሁ ያለው ዘይት ማታ ወጥ ውስጥ ይታያል፤ ካልገዛም ወጡ ይናገራል። እንግዲህ እነዚህን ምክንያቶች ይዘህ ወደ እድሩ ና። ብሩ የማን ነው?» የኛ ነው፤ 140 ቤት በወር 100 ብር እናዋጣለን። «በዓመት 168,000 ብር። ወጪውንስ በዓይንህ ታየዋለህ?» ለድንኳን ጥገና 23,000 ብር ወጣ ሲባል ሰምቻለሁ። ማየትማ ያየሁት ባለፈው ለቅሶ ላይ በዚያው በድሮው ቀዳዳ ገብቶ ትከሻዬን ያራሰኝን ዝናብ ነው። «በል እንግዲህ፣ አባትህን ከደረሰኝ ነፃ ያወጣው ነገር እዚህ የለም። የተሻገረው ስሙ ነው፤ ምክንያቱ እዚያው ቤትህ ቀርቷል።»

በዚህ ቢያበቁ ምን ነበረበት! ምሳሌውን ደግሞ ገለበጡት። «እሺ፣ ቤተሰብ ነን እንበል» አሉ። «አምና ሦስት ወር ሳትከፍል ቀርታ የተሰረዘችው የጉልት ነጋዴስ? እናት ልጇን መዋጮ አልከፈልክም ብላ ከመዝገብ ትሰርዛለች?» እሳቸው አልገባቸውም እንጂ መልሱ ቀላል ነው። የዚያን ቀን ሊቀመንበራችን መተዳደሪያ ደንቡን ከፍ አድርገው «ደንብ ደንብ ነው» ብለው ነበር። እድራችን መዋጮ ሲሰበስብ ተቋም፣ ሂሳብ ሲጠየቅ ቤተሰብ ነው። ይህን ያህል የሚተጣጠፍ ምሳሌ በስንት ልፋት ይገኛል?

«ማመሳሰልህ ካልቀረ ከእቁብ ጋር አመሳስል» አሉኝ የሰፈራችን በር ላይ ቆመው። «እቁብ የደረሰው ሰው ብሩን ሳይቀበል ዋስ ይጠራል። ሌባ ነው ተብሎ ነው? አይደለም፤ የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ እጅ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ይሄ ምክንያት እድሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ።» እኔም ያዝኳቸው ብዬ «ይለያያሉ! የእቁብ ብር በየዙሩ ለባለ ዕጣው ይሰጣል፤ የእድር ግን ዓመት ከዓመት ይጠራቀማል» አልኩ። ሳቁ። «ልዩነቱ ለማን እንዳደላ አላየህም? ወዲያው ወጥቶ የሚያልቀው ዋስ ከተጠራበት፣ ዓመታት የሚከማቸውማ እንዴት ዝም ይባላል?» ለካ ልዩነትም ወገን አለው። ልዩነት ባገኘሁ ቁጥር ምሳሌው ፈረሰ እል ነበር።

ደግሞ የሚያናድደው፣ ሲያሸንፉ እንኳ አይዘሉም። ኦዲተሩ የግድ ከውጭ ይምጣ የሚለው ከእቁቡ አይወጣም አሉኝ፤ የሚወጣው ገንዘብ ያዡን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል የሚለው ብቻ ነው፤ ሦስት አባላት ብንመርጥም ይሆናል። ሰው በገዛ ምሳሌው ላይ ልጓም ያስገባል?

በሚቀጥለው ስብሰባ ፈራ ተባ እያልኩ የእቁቡን ነገር አነሳሁ። ሊቀመንበራችን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን መለስ አደረጉ።

«ልጄ፣ እድር እንደ ጥርስ ነው። ልቁጠር ብሎ ጥርሱን የሚነቅል ሰው አይተሃል?»

አጨበጨብን።