ከአዳር የወጣሁበት ቀን «ኦፍ» አይባልም!

ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልቻልኩም። አንጀቴ አርሯል። የክፍላችን ነርሶች የወሩ የተረኝነት ፕሮግራም ዛሬ ተለጠፈ። ስሜን ፈልጌ በጣቴ ተከተልኩ። ሰኞ አዳር። ማክሰኞ «ኦፍ»። ረቡዕ ጠዋት ሥራ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እወጣለሁ። ርክክቡ ከዘገየ 3 ይሆናል። ማክሰኞን ቆሜ ነው የተቀበልኩት፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስምንት ሰዓት ሠርቼበታለሁ። የቀረውን ቀን በእንቅልፍ እጨርሰዋለሁ። ቀን የተኛ ሰው ደግሞ ማታ ዓይኑ ፈጦ ያድራል። ረቡዕ ጠዋት መድኃኒት ስቀዳ መጠኑን ሦስት ጊዜ አንብቤ አሁንም እጠራጠራለሁ። ማክሰኞ የእንቅልፍ ቀን ነው። የእረፍት ቀኔ ረቡዕ ነው፤ መመለሻዬም ሐሙስ ጠዋት መሆን አለበት።

የአዳሩ ክፍፍልስ? በክፍላችን 12 ነርሶች ነን። በየሌሊቱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ በ30 ቀን 60 አዳር ማለት ነው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ይገባቸዋል፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። 60 ለ10 ሲካፈል 6 ነው። የኔ ግን 8 ነው፤ 4 የደረሰውም አለ። ኃላፊያችንን ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ባለፈው ወር አንሶልሽ ነበር እኮ» አሉኝ።

«ሲስተር፣ ይኸው» ብዬ ያለፈውን ወር ፕሮግራም ከስልኬ አሳየኋቸው። ያኔም 7 ነበር። የእያንዳንዳችን አዳር ከወር ወር እየተደመረ የሚያዝበት አንድ ደብተር ቢኖር በትውስታ ባልተከራከርን። የቅዳሜና የእሁድ አዳርም ለብቻው ይቆጠር፤ ከማክሰኞ አዳር ጋር እኩል አይደለም።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ወሩ በገባ የ18ኛው ቀን ሌሊት ነው። ሁላችንም ወረቀቱን ወደ ጎን፣ በየስማችን ነው የምናነበው። ወደ ታች፣ ቀን በቀን የደመረው ሰው የለም። የወሩ ድምር 60 ስለሞላ ትክክል መሰለ። ወደ ታች ስቆጥር በ17 ሌሊት ሦስት ሰው፣ በ18 እኔ ብቻዬን! በዚያ ሌሊት ደም የታዘዘለት ታካሚ ቢኖርስ? ደሙ ከመሰቀሉ በፊት ከታካሚው ማንነት ጋር ሁለት ሰው ማመሳከር አለበት። ከተሰቀለ በኋላም የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አጠገቡ መቆም አለብኝ። ሌሎቹን ታካሚዎች ማን ያያቸው? ከሌላ ዋርድ ሰው እንዋስ ካልን ደግሞ ያኛው ዋርድ ይጎድላል።

ይህን ስናገር ሲስተር ወዲያው በ17 ሌሊት ከተመደቡት ሦስቱ አንዷን ወደ 18 አዛወሯት። ልጅቷ ግን በ19 ጠዋት ተረኛ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ከአዳር ወጥታ እዚያው 2 ሰዓት ልትገባ! እሱንም ነገርኳቸውና የ19ኙን ሰረዙላት። አሁን የ19 ጠዋት አንድ ሰው ጎድሎታል፤ ወረቀቱ ግን እንደተለጠፈ ነው።