ተሳዳቢው ይዘጋ ወይስ ይታገሡት?

ጥያቄው፦ «ቫሎራንት የተባለውን የቡድን ተኩስ ጨዋታ ስንጫወት 7 ለ 3 እየተመራን ሳለ አንዱ የቡድን ጓደኛዬ በማይክሮፎን ይሰድበኝ ጀመር። ድምፁን ልዝጋው ወይስ ልታገሠው?»

ይዘጋ የምትለው፦ በመጀመሪያው ስድብ ዝጋው። ብዙዎች ድምፅ መዝጋትን ከሰውየው ጋር መቆራረጥ ይመስላቸዋል። በጨዋታው ውስጥ ግን የአንድን ተጫዋች ድምፅና ጽሑፍ ለየብቻ መዝጋት ይቻላል፤ ድምፁን ስትዘጋው ካርታው ላይ የሚያስቀምጣቸው ምልክቶች ይደርሱሃል። መሣሪያ በሚገዛባቸው 30 ሰከንዶች ውስጥ ዝጋው እንጂ ተኩስ መሀል ምናሌ አትክፈት። ደግሞም «ዘግቼሃለሁ» አትበለው፤ ያን ጊዜ ሆን ብሎ ጨዋታውን ማበላሸት ይጀምራል።

ይታገሡት የሚለው፦ እህቴ፣ ምልክት ድምፅን አይተካም። የሞተ ጓደኛ የገደለው ጠላት የት እንደቆመና ምን ያህል እንደቆሰለ የሚነግረን በአፉ ነው። ፈንጂው ከተቀመጠ 45 ሰከንድ ብቻ አለን፤ ለማክሸፍ ደግሞ 7 ሰከንድ ያስፈልጋል። በዚያ ጥድፊያ አንድ ቃል ዙር ያድናል። እኔ ረጋ ብዬ «ጎን ለመቀየር ሁለት ዙር ብቻ ቀርቶናል፤ እስከዚያ በጋራ እንግባ» እላለሁ፤ አብዛኞቹ ይበርዳሉ። ተሳዳቢውን ለጨዋታው ሠሪ ሪፖርት ማድረጉንማ ተዪው፤ ስንቱን ሪፖርት ልኬ ምንም ሲሆን አላየሁም።

ይዘጋ የምትለው፦ ስለ ቁስሉ ያልከው እውነት ነው፤ ያን መረጃ አጣለሁ። ነገር ግን የሚጮህ ሰው የጠላትን የእግር ኮቴ ይሸፍንብኛል፤ ብቻዬን በሕይወት ስቀር ያለኝ ጆሮዬ ነው። አንተ ስትናገር ይበርዳሉ፤ እኔ አፌን ስከፍት ግን ሴት መሆኔን ሰምተው ይብስባቸዋል። ሪፖርትን በተመለከተ፣ ቅጣት ሁልጊዜ ዓይንህ ሥር አይፈጸምም። የጨዋታው ሠሪ ራዮት በ2021 የተጫዋቾችን ድምፅ መቅዳት የሚያስችለውን የደንብ ለውጥ ያስታወቀው እንዲህ ያለውን ሪፖርት ለማጣራት ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን የጥፋት ዓይነት ምረጥ፣ በስንተኛው ዙር እንደሰደበህ ጻፍ፤ ስድቡን ግን በስድብ አትመልስ፤ ያንተም ድምፅ እዚያው ቅጂ ላይ ነው።

ይታገሡት የሚለው፦ በአማርኛ ቢሰድበኝስ? እኔን የሰደበኝ በንጹሕ አማርኛ ነበር፤ ማን ተርጉሞ ይፈርድልኛል?

ይዘጋ የምትለው፦ እሱ ትልቅ ክፍተት ነው። ራዮት በሐምሌ 2022 የድምፅ ምርመራ ሥርዓቱን ማሠልጠን የጀመረው በሰሜን አሜሪካ፣ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ለተሰደበ ሰው ሪፖርቱ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም፤ ለዚህም ነው መዝጋቱን የማስቀድመው።

ይታገሡት የሚለው፦ እንግዲያው ለመዝናናት በሚደረገው ጨዋታ እዘጋለሁ፤ ደረጃ በሚወሰንበት ግን አልዘጋም።

ይዘጋ የምትለው፦ እኔ ደግሞ ቀድሜ የምዘጋው ደረጃ በሚወሰንበት ነው።