ማንም ለማያየው ጥራት የከፈልኩት የኢንተርኔት ገንዘብ

ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ካለው ክፍሌ ሲሆን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ማራገቢያው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ላፕቶፑ ዞሯል፤ ዛሬ ሌሊት ከሁለታችን ይበልጥ ንፋስ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ሰርግ ቀርጬ፣ አቀነባብሬ፣ ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች በዩቲዩብ በመላክ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራው ራሱ አልከበደኝም። ያከበደብኝ የተጠናቀቀውን ሥራ ከዚህ ክፍል ማስወጣቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት በቀረጽኩት ሰርግ ነው። የሙሽራዋ ወንድሞች ቶሮንቶ ስለሚኖሩ፣ የ22 ደቂቃውን ማጠቃለያ በቶሎ እንዲያዩት ተስማማን፤ አባትየው ደግሞ ቀብዱን ሲሰጡኝ እጄን ይዘው «አቦ፣ ጥራቱን ብቻ እንዳትነካብኝ» አሉኝ። ይህች ቃል ስንት ብር እንዳስወጣችኝ እሳቸው አያውቁም። ጥራት ማለት ትልቅ ፋይል ማለት እየመሰለኝ፣ ካሜራዬ በፉል ኤችዲ የቀረጸውን ምስል በማቀነባበሪያው ዝርዝር ውስጥ ከፍተኛ የሚለውን መርጬ፣ በፎር ኬ እና በሰከንድ 40 ሜጋቢት አወጣሁት።

ሒሳቡን ያን ጊዜ ብሠራው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። የፋይል መጠን የሚወሰነው በቢትሬቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ በሚመደበው የቢት ብዛት፣ እና በርዝመቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእነዚህ በኩል የሚመጣ ነው። 22 ደቂቃ 1320 ሰከንድ ነው፤ በ40 ሜጋቢት ሲባዛ 52800 ሜጋቢት ይሆናል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለስምንት ሲካፈል 6600 ሜጋባይት፣ ማለትም 6.6 ጊጋባይት ይመጣል። የእኔ የስልክ ኢንተርኔት መስመር ደግሞ በቀን ወደ ላይ የሚልከው በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል ነው። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን የፍጥነት መለኪያው የሚናገረው በሜጋቢት፣ ጥቅሉ የሚሸጥልን ግን በሜጋባይት መሆኑ ነው፤ 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ ከ200 ኪሎባይት በታች ነው የሚያሻግረው። ስለዚህ ያ ፋይል አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ተቋረጠ እንጂ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሲጎተት ውሎ፣ ወደ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ 68 በመቶ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷልና ማሽኑም አብሮ ጠፋ። 4.5 ጊጋባይት ያህል ተልኳል፣ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ዩቲዩብ የተቋረጠን ፋይል በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ፋይል እንደገና ከመረጡለት ካቆመበት እንደሚቀጥል ግን አላውቅም ነበር። በብስጭት «ምናልባት ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ አጠፋሁት፤ ከዚያም ከማቀነባበሪያው እንደገና አወጣሁት። ስሙ አንድ ነው፣ ምስሉም አንድ ነው፤ ለዩቲዩብ ግን አዲስ ፋይል ነበርና ከዜሮ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ለነጋሪ የማይመች ቃል ከአፌ እንደወጣ አልደብቅም።

የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን፣ የከፈልኩበት ነገር ማንም ዓይን ዘንድ የማይደርስ መሆኑ ነው። ዩቲዩብ የተላከለትን ፋይል እንዳለ ለተመልካች አያቀርብም፤ ሁሉንም በራሱ መንገድ እንደገና ጨምቆ፣ በተለያየ መጠን አባዝቶ ነው የሚያሳየው። እሱ ራሱ ለፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው ተራ ቪዲዮ፣ ላኪዎችን የሚመክረው 8 ሜጋቢት ነው። እኔ 40 ልኬ 32ቱን በሩ ላይ አስጣልኩ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ «በፉል ኤችዲ የተቀረጸውን ወደ ፎር ኬ አሳድገህ ላክ፣ ዩቲዩብ የተሻለ ኮዴክ፣ ማለትም የተሻለ የመጨመቂያ ዘዴ፣ ይሰጥሃል» የሚለው ምክር ከባዶ አልተነሳም፤ ከፍ ያለ መጠን ያላቸው ቪዲዮዎች በተሻለ ኮዴክ መቅረባቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያ ምክር ኢንተርኔት በወር አንድ ጊዜ ከፍሎ ለሚረሳ ሰው የተሰጠ ነው፤ በሜጋባይት ለሚቆረጥበት ሰው አይደለም።

እናም በዚያ ሌሊት ቁጭ ብዬ፣ ከማቀነባበሪያው በፉል ኤችዲ ያወጣሁትን ዋና ቅጂ ራሴ መጨመቅ ጀመርኩ። የተጠቀምኩት በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ የሚያስፈራው ሰው በሃንድብሬክ ያንኑ ቅንብር በመስኮት ያገኘዋል። ዋናው ምስጢር ቢትሬቱን በቁጥር አለመወሰን ነው። CRF የሚባለው ቅንብር «የምስሉ ጥራት ይህን ያህል ይሁን፣ የሚያስፈልገውን ቢት ራስህ ወስን» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም ፋይሉም ያድጋል። ሰው ተቀምጦ የሚናገርበት ክፍል በጥቂት ቢት ያልፋል፣ ጭፈራው ሲመጣ ብዙ ይወስዳል።

ሙሉውን ከመጨመቄ በፊት ከሁለት ቦታ 30፣ 30 ሰከንድ ቆርጬ በCRF 20 ሞከርኩት፤ ውጤቱ ከራስ ፀጉሬ ጋር አጣላኝ። የሽማግሌዎቹ ምርቃት 9 ሜጋባይት ሲሆን የምሽቱ ጭፈራ 52 ሜጋባይት ሆኖ ተገኘ። ጭፈራው ከ10ኛው ደቂቃ እስከ መጨረሻ 12 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ሙሉው ፋይል 1.4 ጊጋባይት ሊሆን ነው። እንቅስቃሴው ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ምስሉን አጉልቼ ሳየው ጥፋቱ የራሴ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ መብራቱ ደካማ ስለነበር የካሜራውን አይኤስኦ፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከልክ በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በጥቁሩ ሁሉ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ይተራመሳል። መጭመቂያው የሚቆጥበው ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን ባለመድገም ነው፤ ነጠብጣቡ ደግሞ በእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ነው፣ ስለዚህ መጭመቂያው እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ አንድ በአንድ ይመዘግበዋል። የሰርጉን ሳይሆን የካሜራዬን ብናኝ ነበር ወደ ቶሮንቶ ልልክ የነበረው።

መፍትሔው ብናኙን ከመጨመቅ በፊት ማለስለስ ሲሆን፣ ማጣሪያው የሽማግሌዎቹን የፊት መስመር እንዳያደበዝዝ ከ600ኛው ሰከንድ በኋላ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት፤ CRFንም ከ20 ወደ 23 ከፍ አደረግሁ።

```
ffmpeg -i serg.mov -vf "hqdn3d=enable='gte(t,600)'" \
 -c:v libx264 -preset slow -crf 23 -pix_fmt yuv420p \
 -c:a aac -b:a 128k serg.mp4
```

በዚህ ቅንብር የጭፈራው 30 ሰከንድ ከ52 ወደ 26 ሜጋባይት ወረደ፤ ሙሉው 22 ደቂቃ 770 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። አጭር ቁራጭ የሚሞክር ሰው ግን ሰዓቱ ከቁራጩ መጀመሪያ እንደሚቆጠር አይርሳ፤ ለሙከራው ማጣሪያውን ያለ ሰከንድ ገደብ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ማጣሪያው ሳይሠራ ያልፍና ልዩነት የለውም ብሎ ይደመድማል። ማጣሪያው ሲበዛ ደግሞ የጭፈራ ልብሱ ጥልፍ ወደ ቀለም ቅብ ይለወጣል፤ እኔ የማየው ጥልፉንና ፀጉሩን ነው።

ይበልጥ አጥብቆ የሚጨምቀውን H.265 የተባለ ኮዴክ ለምን አልተጠቀምክም የሚለኝ አይጠፋም። ፋይሉን ከዚህም ሊያሳንሰው ይችላል፤ ነገር ግን በእኔ ማሽን በጣም ይዘገያል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ሲቀንስ የባሰ ይዘገያል። በተጨማሪ ያንኑ ፋይል በፍላሽ ለሚጠይቅ ደንበኛ የቆየ ቴሌቪዥን ሊያነበው አይችልም። ኢንተርኔቱ ከዚህ በላይ ከተወደደ እመለስበታለሁ።

የቀረው ሰዓቱን መምረጥ ነበር። ለሦስት ቀን በተለያየ ሰዓት ወደ ላይ የሚልከውን ፍጥነት ብቻ ለካሁ፤ ማውረጃው ጥሩ መሆኑ ለእኛ ምንም አይነግረንምና። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ምርቃና የያዘው ሁሉ ስልኩ ላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከ1 ሜጋቢት በታች ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 4 ይደርሳል። የአንድ የሞባይል ማማ አቅም በሥሩ ላሉ ሁሉ የሚከፋፈል ስለሆነ ሰው ሲተኛ ድርሻዬ ያድጋል። ስልኩን ከጠረጴዛ አንስቼ ማማው ወዳለበት መስኮት ሳስጠጋውና በኬብል ሳገናኘውም ተሻሻለ፤ ስልክ ከማማው እጅግ ባነሰ ኃይል ስለሚልክ፣ ወደ ላይ የሚሄደውን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል።

የሌሊት ጥቅል መግዛት ብቻውን ግን አያድንም፤ ይህንንም በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ባለፈው ወር ጥቅሉ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ጀምሬ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ፋይሉ አልቆመም፣ ከዋናው ሒሳቤ እየቆረጠ ቀጠለ። አሁን ከማብቂያው ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። 770 ሜጋባይት በስምንት ተባዝቶ ለ4 ሜጋቢት ሲካፈል 26 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ፍጥነቱ ዋዣቂ ስለሆነ እጥፉን እይዝና ጥቅሉ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሳይቀረው እጀምራለሁ። በዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን Metered connection አደርገዋለሁ፤ አለዚያ እኔ በምከፍለው ሌሊት ኮምፒውተሩ ለራሱ ማሻሻያ ማውረድ ያምረዋል። ማሽኑ እንዳይተኛም ከልክየዋለሁ።

ቪዲዮውን መጀመሪያ Private አድርጌ ነው የማስገባው። ዩቲዩብ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ደብዛዛውን ቅጂ ነው፤ ጥርት ያለው ዘግይቶ ይመጣል። አገናኙን ወዲያው የላክሁ ቀን ሚዜው «ይሄ ነገር በስልክ ነው እንዴ የተቀረጸው?» ብሎኛል። ጊዜ አስይዞ የሚለቀው አማራጭም ለሰርግ አይሆንም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ለዓለም ሁሉ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ፉል ኤችዲው መድረሱን አይቼ፣ በእጄ አገናኙ ያለው ብቻ ወደሚያየው Unlisted እለውጠውና አገናኙን እልካለሁ።

የቶሮንቶዎቹ በትልቅ ቴሌቪዥን አይተው አመሰገኑ። አባትየው ግን ትናንት ፍላሽ ይዘው መጡና የፋይሉን መጠን ሲያዩ «770 ብቻ? ቀሪውን የት አደረስከው?» አሉኝ። ልከራከራቸው አልፈለግሁም፤ ያንን 6.6 ጊጋባይት ገና አላጠፋሁትም ነበርና ልገለብጥላቸው ሞከርኩ። ፍላሻቸው ፋት 32 ስለነበር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም አለ። ትንሹን ይዘው ሄዱ።