ጉማሬው ይቅርብን!

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ጌም ጃም ገብታችሁ የምታውቁ ወዲያው ትረዱኛላችሁ። ለማታውቁት ደግሞ፣ ጌም ጃም ማለት ጭብጥ ይሰጣችኋል፣ ሰዓት ይቆጠርባችኋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የሚጫወቱት ጌም ታስረክባላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ግሎባል ጌም ጃም የሚታወቀው በ48 ሰዓቱ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የሰዓቱ ማነስ አይደለም። የሚያናድደኝ «ቀላል ነው» የሚለው ሰው ነው። በየቡድኑ አንድ አይጠፋም። አርብ ማታ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፣ ደህና ትንሽ ሐሳብ ይወጣል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል። ከዚያ እሱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ግን እኮ ሱቅ ብንጨምርበት...» ይላል። ገንዘብ ይኖራል፣ ጀልባ ይገዛል፣ ታሪክ አለው፣ ሁለት ሰው በኢንተርኔት ይጫወተዋል። ሁሉም ቀላል ነው። ሁሉም «20 ደቂቃ» ነው።

እሺ፣ እንቁጠረው። አርብ ማታ 12 ሰዓት ይጀምራል፣ እሁድ ማታ 12 ሰዓት ያልቃል። ሁለት ሌሊት ሰባት ሰባት ሰዓት ብንተኛ 14 ሄደ፣ 34 ቀረ። (አልተኛም የምትለው ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሌሊት የጻፍከውን ኮድ እሁድ ጠዋት ማን እንደሚያስተካክለው አውቃለሁ።) ለምግብ፣ ለቡና፣ ለመብራት መጥፋት ስድስት ሰዓት እንተው፣ 28። ሐሳብ ለመምረጥ ሁለት፣ 26። የመጨረሻው ስድስት ሰዓት ለማስተካከልና ለመጫን ነው፣ አዲስ ነገር አይሠራበትም። ቀረን 20። በሦስት ሰው 60 ሰዓት።

ይቺ 60 ደግሞ የጋራ አይደለችም። ፕሮግራመር አለን፣ ሠዓሊ አለን፣ ድምፅና ሌቨል የሚሠራ አለን። የፕሮግራመሩ ሰዓት ሲያልቅ የሠዓሊዋ ትርፍ ሰዓት ኮድ አይጽፍም። ስለዚህ እኛ ያለን 60 ሰዓት ሳይሆን ሦስት የተለያየ 20 ነው፣ ጌሙም የሚቆመው መጀመሪያ ባለቀው ላይ ነው። አራተኛ ሰው ከመጣና «እኔ የሐሳብ ሰው ነኝ» ካለ ደግሞ፣ ሰዓት አልጨመረልንም፣ የሚያስጨምር ሰው ነው የጨመረብን።

አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። ሉደም ዴር በሚባለው ጃም ላይ 48 ሰዓቱ የተሰጠው ብቻውን ለሚሠራ ሰው ነው። ለቡድን 72 ሰዓት ነው። ጂኤምቲኬ የሚባለውም ጃም በ48 ሰዓት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 96 አሳድጎታል። እኛ ግን ሦስት ሆነን በ48 ሰዓት «ሰፊ ዓለም» እንሠራለን። እንዴ?

በቅርብ የገባንበትን ልንገራችሁ። ጭብጡ «ማዕበል» ነበር። የመጣልን ሐሳብ ይህ ነው፦ ጣና ላይ አንድ ታንኳ አለ፣ ገንቦ ጭኗል፣ ማዕበሉ ሲያዘነብለው ቀዛፊው ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይደገፋል፣ ገንቦዎቹን ሳይጥል ማዶ መድረስ አለበት። ሁለት ቁልፍ ብቻ። ተጫዋቹ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ መደገፍ። መተኮስ የለም፣ መዝለል የለም፣ መግዛት የለም።

ይህን ሐሳብ የወደድኩት ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክብደቱ የቁጥር ስለሆነ ነው። ማዕበሉ ማለት ይህ ነው፦

```
var y = amp * sin(x * freq + t * speed)
var tilt = atan(amp * freq * cos(x * freq + t * speed))
```

የመጀመሪያው መስመር ውሃው በዚያ ቦታ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛው ታንኳው ምን ያህል እንደሚያዘነብል። ከፍታ፣ ጥግግትና ፍጥነት፣ ሦስት ቁጥር። የመጀመሪያው ሌቨል ማለት ትንንሽ ቁጥር ነው። አሥረኛው ሌቨል ማለት ትልልቅ ቁጥር ነው። አዲስ ሌቨል ለመሥራት ሠዓሊዋ እርሳስ አታነሳም፣ ፕሮግራመሩ ኮድ አይነካም። ሦስተኛው ሰው ቁጥር እየቀየረ ይጫወታል፣ ደስ ሲለው ያስቀምጠዋል። ጃም ላይ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሐሳብ ነው፣ ብዛቱ ከሥዕል ሳይሆን ከቁጥር የሚመጣ።

ገንቦዎቹንም በእውነተኛ ፊዚክስ አልደረደርናቸውም። የተደረደረ ዕቃ በፊዚክስ ሞተር ላይ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ ማንም ሳይነካው ይወድቃል፣ ያንን ማረጋጋት ግማሽ ቀን ይበላል። እያንዳንዱ ገንቦ አንድ የማዘንበል ልክ አለው። ታንኳው ከዚያ ልክ አልፎ ከቆየ ገንቦው ይንሸራተታል፣ አለቀ። ተጫዋቹ ልዩነቱን አያውቅም።

ሥዕሉ ሰባት ነው። ታንኳ፣ ቀዛፊ፣ ገንቦ፣ የተሰበረ ገንቦ፣ ውሃ፣ ሰማይ፣ ዳርቻ። ቀዛፊው አኒሜሽን የለውም፣ ኮዱ ነው የሚያዘነብለው። ሠዓሊያችን ለእያንዳንዱ ረጋ ብላ ትሠራለች፣ ትደጋግማለች፣ ታሳምራለች። እስካሁን ሰላም ነን።

«ጉማሬ ብንጨምርስ?»

መጣልህ። ጣና ላይ ጉማሬ አለ፣ ልክ ነው። ያምራል፣ ያስቃል፣ ይህም ልክ ነው። «ቀላል ነው፣ 20 ደቂቃ!» ይህ ግን ውሸት ነው። እሱ የሚቆጥረው ጉማሬውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ ብቻ ነው። እኔ ወረቀት አወጣሁ። ጉማሬው ይዋኛል፣ አፉን ይከፍታል፣ ተመልሶ ይሰምጣል። ለእያንዳንዱ አራት አራት ፍሬም ብንል 12 ሥዕል ነው፣ በአሥር አሥር ደቂቃ ሁለት ሰዓት። ታንኳውን እንዲያይ፣ እንዲጠጋ፣ እንዲመታ የሚያደርገው ኮድ አንድ ሰዓት ተኩል። ድምፁ ግማሽ ሰዓት። ተጫዋቹ ጉማሬ ምን እንደሚያደርግ የሚማርበት አንድ ሌቨል ያስፈልጋል፣ አንድ ሰዓት። ከማዕበሉና ከገንቦው ጋር አብሮ መሞከር፣ አንድ ሰዓት። ጉማሬው ዳርቻው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ለማውጣት፣ አንድ ሰዓት፣ ምክንያቱም መቀርቀሩ አይቀርም። ድምሩ ሰባት ሰዓት ነው። ከ60ው ከአሥር አንድ በላይ፣ ለአንድ ጉማሬ!

ይህን ሳነብለት «አንተ ሁሌ ታጨልማለህ» አለኝ። እኔ ነኝ የማጨልመው?

የሚገርመኝ፣ ሰው ጃም ላይ ትልቅ ጌም ይሸለማል ብሎ ማሰቡ ነው። ሉደም ዴርን ጨምሮ ብዙ ጃም ላይ የሚፈርዱት ሌሎቹ ተሳታፊዎች ናቸው። ብዙ ጌም ነው የሚደርሳቸው፣ ለእያንዳንዱ የሚሰጡት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሱቅህን ሳያገኙት ይወጣሉ። «ባባ ኢዝ ዩ» የሚባለው ጌም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ኖርዲክ ጌም ጃም ላይ ነው፣ በ48 ሰዓት፣ አሸንፎም ነበር። ተጫዋቹ የሚያደርገው ቃላት መግፋት ነው። ቃሉ ሲገፋ የጌሙ ሕግ ይቀየራል። ሙሉ ጌም ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ ብዙ ሌቨል የመጣው በዚያ መሃል ነው። መጀመሪያ አንዲት ሕግ ነበረች።

ሌላው የማልታገሰው ኤክስፖርትን ለእሁድ ማታ የሚተው ሰው ነው። እኛ አርብ ማታ ከመተኛታችን በፊት ባዶውን ጌም ብራውዘር ላይ ጭነን አይተነዋል። ሰማያዊ ሳጥን ግራ ቀኝ ሲያዘነብል፣ ያ ብቻ። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ዊንዶውስ የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ኮዱ `wave.png` ብሎ ፋይሉ `Wave.png` ከሆነ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሠራል፣ ተጭኖ ሲከፈት ግን ውሃ የለም። ብራውዘርም ተጫዋቹ አንዴ ጠቅ እስኪያደርግ ድረስ ድምፅ አያሰማም፣ ስለዚህ «ጀምር» የምትል ቁልፍ ግድ ናት። ጎዶት 4 በሚባለው የጌም መሥሪያ ላይ በሲ ሻርፕ የተጻፈ ፕሮጀክት ደግሞ ጭራሽ ወደ ብራውዘር አይወጣም። ይህን እሁድ 11 ሰዓት ላይ ያወቀ ቡድን አይቻለሁ። ፊታቸውን ባታዩት ይሻላል።

መቁረጫ ሰዓቱንም አርብ ነው የተስማማነው፣ ማንም ሳይደክምና ሳያኮርፍ። ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ላይ ጌሙ በባዶ ሳጥኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ መጫወት አለበት። ምንም ሳንነግረው ለአንድ ሰው እንሰጠዋለን። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት የተቀመጠችው። ቁልፎቹን ራሷ ካገኘች፣ ስትወድቅ «አንዴ ቆይ» ብላ እንደገና ከጀመረች፣ እንቀጥላለን። ስልኳን ካወጣች አዲስ ነገር አንጨምርም፣ ያለውን እንቀንሳለን። ልጅቷ ወድቃ ወድቃ ሳቀች፣ ግን በየትኛው ገንቦ እንደተሸነፈች አልገባትም። ስለዚህ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ታወቀ፦ ሊወድቅ የደረሰ ገንቦ እንዲንቀጠቀጥና እንዲጮህ ማድረግ። ሰውየው በዚያው ሰዓት ስለ ጉማሬው ቀለም እየተከራከረ ነበር።

እሁድ ቀን 6 ሰዓት ላይ በር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሚገባ ነገር የለም፣ የተበላሸ ይስተካከላል፣ ካልተስተካከለ ይወጣል። ሁለተኛው ዳርቻ ላይ ታንኳው አንዳንዴ አየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ሌቨሏን አወጣናት፣ ማንም አልጠየቀንም። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ዚፑን ጭነን፣ `index.html` ከላይ እንጂ ፎልደር ውስጥ አለመሆኑን አይተን፣ በሌላ ስልክ ኢንተርኔት ከፍተን ሞከርነው። ሠራ። ቀሪውን ሁለት ሰዓት መብራት ቢሄድም ባይሄድም ግድ አልነበረንም። መብራቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ሄደ።