«ይሠራል» ላሉኝ የኪቦርድ ሻጮች

«ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቋንቋውን ይቀይሩት፣ ይሠራል። የተከፈተ ዕቃ ደግሞ አንቀይርም።»

ወንድሞቼ፣ መልሴን በግል ሳይሆን እዚህ የምጽፈው በስልክ ፎቶ አይቶ ከሩቅ የሚገዛ ሰው ስለበዛ ነው። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ላክሁ፣ እናንተ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላካችሁት፣ መነኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ።

በአንድ ነገር ልክ ናችሁ፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም። ኪቦርድ ፊደል አይልክም። የሚልከው የተጫነው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ምን ፊደል እንደሚሆን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ቁልፉ ላይ የታተመውን ኮምፒውተሩ አያየውም። የሚያየው ሰው ነው፣ የእኔም ችግር እሱ ላይ ነው።

የላካችሁልኝ የፈረንሳይ አቀማመጥ የታተመበት ነው። ከላይ በስተግራ QWERTY መባል የነበረበት AZERTY ይላል። A እና Q ቦታ ተለዋውጠዋል፣ Z እና W እንዲሁ፣ M ደግሞ ከታች ረድፍ ወጥታ ከL ጎን ተቀምጣለች። ማስታወቂያችሁ ላይ ያለው ፎቶ ግን QWERTY ነው፤ ሳልገዛ በፊት አስፍቼ አይቼዋለሁ።

ለእኔ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ጣቶቼ ቦታውን ስለሚያውቁት ሳላይ እጽፋለሁ። ግን ኪቦርዱን የገዛሁት ለአጋዤ ነው። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ፤ ከማቻከልና ከጎዛምን ለሚመጡ ሰዎች አቤቱታ እንጽፋለን። ልጅቱ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፣ ገና ቁልፉን እያየች ነው የምትጽፈው። የመጀመሪያ ቀን «ሰላም» ብለሽ ሞክሪው አልኳት። በፎነቲክ s፣ e፣ l፣ a፣ m ማለት ነው። የታተመውን አይታ አንድ በአንድ ተጫነች፣ የወጣው «ሰልቅ» እና መጨረሻ ላይ አንድ ምልክት ነው። A የተጻፈበት ቁልፍ ለኮምፒውተሩ Q ስለሆነ «ቅ» አመጣ፣ M የተጻፈበትም ለእሱ የ; እና የ: ቁልፍ ነው። ልጅቱ ጥፋቱ የሷ መስሏት ደነገጠች። እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ይሄ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታይ ስህተት ይታረማል። የይለፍ ቃል ግን ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው። A ወይም M ያለበት የይለፍ ቃል ሦስቴ ተሳስታ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አቅቷት ጠራችኝ።

እንዳላችሁኝ አቀማመጡን ወደ ፈረንሳይኛ ቀየርኩት፤ ሳልሞክረው ቀረሁ እንዳትሉኝ። እውነት ነው፣ የላቲን ፊደሎቹ ከታተመው ጋር ገጠሙ። ግን በዚያ አቀማመጥ ቁጥር የሚወጣው ሺፍት ተይዞ ነው። 2 ለመጻፍ ቁልፉን ብቻ ስትነኩት é ይመጣል። አቤቱታ ደግሞ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና የብር መጠን የሞላበት ወረቀት ነው። የምንጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያም የእንግሊዝኛውን አቀማመጥ ነው የሚከተለው፤ አማርኛ ላይ ሲሆን እንደገና «ሰልቅ»። ሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮቻችንም QWERTY ስለሆኑ ልጅቱ ወንበር በቀየረች ቁጥር እንደ አዲስ ልትማር ነው።

ቁልፎቹን ነቅሎ ማቀያየርስ? አስቤበት ነበር። A እና Q ያሉት በተለያየ ረድፍ ነው፣ የዚህ ኪቦርድ ረድፎች ደግሞ ተዳፋታቸው አንድ አይደለም፣ ስለዚህ የተቀየረው ቁልፍ ከጎረቤቶቹ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ምልክቶቹ ያኔም አይስተካከሉም። ከሁሉ በላይ አዲስ ብዬ የከፈልኩበትን ዕቃ በቢላ የምፈለቅቅበት ምክንያት አይታየኝም።

«የተከፈተ» ያላችሁት ነገር ደግሞ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ማወቅ አይቻልም ነበር። ውጪው ላይ ያለው ሥዕል QWERTY ነው። FR የምትለዋ ምልክት ያለችው ከኪቦርዱ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፤ እናንተ ከመላካችሁ በፊት ገልብጣችሁ ብታዩት ይበቃ ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ከገዛሁት አምስት ቀኔ ነው። ያሳያችሁኝ ሌላ፣ የሰጣችሁኝ ሌላ ከሆነ ጉድለት አይደለም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ያንኑ ሞዴል በQWERTY ቀይሩልኝ፣ የመላኪያውን የደርሶ መልስ ሒሳብ እናንተ ቻሉ፣ አዲሱን ከማሸጋችሁ በፊት ደግሞ የላይኛውን ግራ ጥግ አንስታችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። ከሌላችሁ ገንዘቤን መልሱ። ኪቦርዱ ከነገመዱና ከነካርቶኑ ታሽጎ ተቀምጧል፤ እሺ ባላችሁኝ ማግስት በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጣላችኋል።