ካረጡ በኋላ የታየ ደም ቢቆምም ይመርመር

«እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ 6 ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት የውስጥ ሱሪዋ ላይ ትንሽ ደም አየች፤ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ሕመም የላትም፤ ‹አልፏል፣ ተይው› ትለኛለች። አሁንም ሐኪም ማየት አለባት?»

አዎ። ደሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዝላቸው። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚታይ ደም አንድ ጠብታ ቢሆንም፣ ቀለሙ ቡናማ ወይም ሮዝ ቢሆንም መታየት አለበት። ከ6 ዓመት በኋላ የወር አበባ ተመልሶ አይመጣም፤ ስለዚህ ደሙ ሌላ ምክንያት አለው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲያንስ የብልትና የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ይደማል። አንዳንዴም ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እበጥ ማህፀን ውስጥ ወይም የማህፀን በር ላይ ይገኛል። ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ 100 ሴቶች ውስጥ 90 ያህሉ ካንሰር የለባቸውም። ከ9 እስከ 10 የሚሆኑት ግን የማህፀን የውስጥ ሽፋን ካንሰር ይገኝባቸዋል። ከሌላው ወገን ሲታይ ደግሞ ይህ ካንሰር ካለባቸው 100 ሴቶች 90 ያህሉ ካረጡ በኋላ ደም ያዩ ናቸው። በሽታው ብዙ ጊዜ ገና ከማህፀን ሳይወጣ ደም ስለሚያሳይ፣ ያኔ ከተደረሰበት አብዛኞቹ ማህፀናቸውን በቀዶ ሕክምና አስወጥተው ይድናሉ።

ታዲያ «ቆሟል» የሚለው ለምን አያጽናናም? ያለ ልክ ያደገው ሽፋን የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ስስና ተሰባሪ ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ይደማል፣ ደሙ ሲረጋ ይቆማል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሌላው ይበጠሳል። በመድረቅ ምክንያት የሚመጣውም ደም እንዲሁ ይመጣል፣ ይቆማል። ሁለቱን በደሙ ብዛት፣ በቀለሙ ወይም በቆየበት ቀን መለየት ልምድ ላለው ሐኪምም አይቻልም። ሕመም አለመኖሩም ምንም አይነግረንም፤ ይህ ካንሰር መጀመሪያ ላይ አያምም።

ሽፋኑ ያለ ልክ የሚያድገው ለምን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ከማረጥ በፊት ኢስትሮጅን ሽፋኑን ያሳድገዋል፣ ፕሮጄስትሮን ደግሞ እድገቱን ይገታል፤ በየወሩም ተልጦ ይወጣል። ካረጡ በኋላ እንቁላል አመንጪዎቹ ፕሮጄስትሮን ማምረት ያቆማሉ፤ የሰውነት ስብ ግን ኢስትሮጅን መሥራቱን ይቀጥላል። ይህ ኢስትሮጅን ጥቂት ሲሆን ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሲበዛ ግን የሚገታው ያጣ ሽፋን ዓመት ከዓመት ሊወፍር ይችላል። ከመጠን በላይ ውፍረት ያላቸው ሴቶች ይበልጥ የሚጠቁት በዚህ ነው። ቀጭን ሴትም ግን ከምርመራው አትቀርም።

ምርመራው ደሙ ከየት እንደመጣ በማየት ይጀምራል። ከሽንት ወይም ከፊንጢጣ የመጣ ደምም የውስጥ ሱሪ ላይ ሲታይ አንድ ይመስላል። ስለዚህ ሐኪሙ ብልትንና የማህፀን በርን በመሣሪያ ከፍቶ በዓይኑ ማየት አለበት። ይህ ሳይደረግ «የሆርሞን ጉዳይ ነው» ተብሎ ክኒን ወይም ክሬም ከተሰጠ ሥራው አልተጀመረም። ብዙ የሚያሳስተው ሌላው ነገር ፓፕ ስሚር ነው። እሱ የሚያየው የማህፀን በርን ነው፤ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ስለ ማህፀን የውስጥ ሽፋን ማረጋገጫ አይሰጥም።

ቀጥሎ በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ የሽፋኑን ውፍረት ይለካል። 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመኖሩ ዕድል ከ100 አንድ አይሞላም። ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። ከ4 በላይ ከሆነ፣ ወይም በእጢ ተሸፍኖ በትክክል መለካት ካልተቻለ፣ ናሙና ይወሰዳል።

እንበልና የእናትዎ 9 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ለስላሳ ቱቦ በማህፀን በር አስገብቶ ትንሽ ሥጋ ይስባል። ጥቂት ደቂቃ እንደ ወር አበባ ሕመም ይቆርጣል፤ ቀድሞ ማስታገሻ መውሰድ ስለሚቻል ይጠይቁ። ውጤቱ «በቂ ሥጋ አልተገኘም» ብሎ ቢመጣስ? ብዙ ቤተሰብ እፎይ ብሎ ፋይሉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ሥጋ መጥፋቱ የሚጠበቅ ነበር። 9 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ያልተያዘ ነገር ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ቱቦው የማህፀንን ጥቂት ክፍል ብቻ ይነካል፤ ፖሊፕ ደግሞ ከአጠገቡ ሸተት ብሎ ያመልጠዋል። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ሂስትሮስኮፒ ነው። ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ይገባል፣ ማህፀኑ በፈሳሽ ተነፍቶ ግድግዳው በሙሉ ይታያል፣ ፖሊፕ ካለ ተቆርጦ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ይላካል። የሚያረጋጋው መልስ ከፓቶሎጂው የሚመጣው ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው አልትራሳውንዱ 3 ሚሊሜትር አሳይቶ እናትዎ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ግን ደሙ ዳግም ታየ እንበል። የቀድሞው ወረቀት ከእንግዲህ አይሠራም። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም በስስ ሽፋን ላይ የሚበቅሉ፣ ጠባያቸውም የከፋ ካንሰሮች አሉ። ስለዚህ ደም ሲደጋገም ውፍረቱ ምንም ያህል ቢያንስ ናሙና መወሰድ አለበት። ካልተነገረው ሐኪሙ እንደ አዲስ ሊጀምር ስለሚችል «ይህ ሁለተኛዬ ነው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ይነገር።

መድኃኒትም ሂሳቡን ይለውጣል። ለማረጥ ምልክቶች ሁለቱን ሆርሞኖች በየቀኑ የምትወስድ ሴት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ትንሽ ደም ብታይ የተለመደ ነው። ከ6 ወር ካለፈ፣ ወይም ቆሞ ከቆየ በኋላ ከተመለሰ ግን ይመረመራል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፈን ራሱ ሽፋኑን ስለሚያወፍር የአልትራሳውንዱ ልኬት ያሳስታል፤ እዚያ ላይ መታመን ያለበት ናሙና ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱም «መድኃኒቱ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ መድኃኒቱ ቀድሞ የነበረን ችግር ገላልጦት ሊሆን ይችላል። በራስ ፈቃድ ግን አይቋረጥ።

እናትዎ ለልጃቸው እንኳ የነገሩት ተሸማቀው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ፊት ደግሞ ይባስ ይከብዳል። ስለዚህ ዋናውን በወረቀት ይያዙላቸው፦ የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደነበር፣ ደሙ የታየበት ቀን፣ ቀለሙና ብዛቱ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ። ቀጠሮው ሳይደርስ ደሙ በርትቶ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ወይም ራስ ካዞራቸው፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።