ማታ ማታ የማርመው ሪፖርት

የሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ የወሩን የባንክ ሒሳብ ከመዝገባችን ጋር የማስታርቀው በአንድ ቀን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ስሆን ሥራውን ለባልደረባዬ አስረከብኳት። እሷ ሦስት ቀን ፈጀባት። እኔም ሰው ሁሉ ከቢሮ ሲወጣ ፋይሉን ከፍቼ የጎደለውን እሞላለሁ፣ የተሳሳተውን አርማለሁ፣ ጠዋት ያለቀለት ሪፖርት ለበላይ እልካለሁ። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። ያኔ ትጉህ አለቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደመወዝ ተጨምሮልኝ የድሮ ሥራዬን በድብቅ እሠራ ኖሯል።

አዲስ ለተሾመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሥራ አከፋፍል» የሚል ነው። ማከፋፈሉ ግን ማንንም አያቅትም፤ በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ፈተናው የሚመጣው ያ የተሰጠው ሥራ ጎዶሎ ሆኖ ጠረጴዛህ ላይ ሲመለስ ነው። ከሠራተኛው ይልቅ አንተ ቶሎ ታስተካክለዋለህ፤ ይህንንም ታውቃለህ። እጅህ ሳታዝዘው ይሄዳል።

አንድ ወር በመዝገባችንና በባንኩ መግለጫ መካከል የ270 ልዩነት መጣ። ወጥተው ገና ባንክ ያልቀረቡት ቼኮች ታስበዋል፣ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያም ተመዝግቧል፤ ልዩነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ ስታመሳክር ዋለች። እኔ ማታ ቁጥሩን እንዳየሁ ለ9 አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ 30 ሆነ። ልዩነት ለ9 እኩል ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው። 270 ደግሞ 90 በ3 ሲባዛ ነውና፣ የተለዋወጡት የመቶና የአሥር ቤት አኃዞች መሆን አለባቸው፤ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት ይኖራል። እንዲህ ያለ ቁጥር ስፈልግ 8,520 የነበረው 8,250 ተብሎ ገብቶ አገኘሁት። አምስት ደቂቃ አልሞላም። አርሜው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ «ተገኝቷል» አልኳት። እንዴት እንደተገኘ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ወር የ450 ልዩነት መጣ። ይሄኛውን ስትፈልገው አልዋለችም፤ ፋይሉ ላይ «ልዩነት 450፣ ይታይ» ብላ ጻፈችበት። «ይታይ» ማለት «አንተ እየው» ማለት ነው። እሷን ሰነፍ ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ሁለት ቀን ለፍታ ያላገኘችውን ሰው በአንድ ማታ እንደሚያገኘው ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማን ቢሆን ይለፋል?

ከዚያ በኋላ የመጡትን ምልክቶች አሁን በሌሎች አዳዲስ ኃላፊዎች ክፍል ሳያቸው ቶሎ እለያቸዋለሁ። ረቂቁ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መምጣት ይጀምራል፤ ቀደም ብሎ ቢመጣም አለቃው የሚያየው ማታ ነዋ። ያው ዓይነት ስህተት በየወሩ ይደጋገማል፣ ምክንያቱም የሠራው ሰው መታረሙን አያውቅም። ንግግሩም ይለወጣል፤ «እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እየው» የሚለው ቀርቶ «ምን ላድርግ?» ይሆናል። የኔዋ ባልደረባማ ስትጠራኝ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ተሻግራ ነበር። አክብሮት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ከሥራው እየራቀች መሆኗን ያየሁት ቆይቼ ነው።

ለሒሳብ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያሳፍር ነገር አለበት። ሪፖርቱ ግርጌ «ያዘጋጀው» እና «የመረመረው» የሚሉ ሁለት የፊርማ መስመሮች አሉ። የሚለያዩት አንድ ሰው የራሱን ስህተት ማየት ስለሚያቅተው፣ ማጭበርበር ቢፈልግም ሁለተኛ ዓይን እንዲኖርበት ነው። እኔ ማታ ቁጥር ቀይሬ ጠዋት «የመረመረው» በሚለው ላይ ስፈርም፣ የቀየርኩትን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ሪፖርቱ ያለ መርማሪ ወጥቷል።

ልማዱን የተውኩት አስተዋይ ስለሆንኩ አይደለም። በወር መዝጊያ ላይ ዘጠኝ ቀን ታምሜ ተኛሁ፤ ሪፖርቱ ቆመ፤ ስልኬም አላርፍ አለ።

ስመለስ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ማውሱን ግን አልነካም። ልዩነት ሲመጣ «መጀመሪያ የት አየሽ?» እላታለሁ፤ ቀጥዬም «ለምን እዚያ?»። የ9ኙን ነገር ያኔ ነው የነገርኳት። በአምስት ደቂቃ የምጨርሰው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደብን፤ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ቁጭ ብሎ ማየት ያማል። በሦስተኛው ወር የ1,400 ልዩነት መጣ፤ ለ9 አልተካፈለም። በተሳሳተ ጎን የገባ ቁጥር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋልና፣ እሷ ግማሹን ወስዳ 700 የሚል ምዝገባ ፈለገች፤ በዴቢት መግባት ሲገባው በክሬዲት የገባ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ዘዴ አልነገርኳትም።

ሥራዋን የምመለከትበትንም ጊዜ ቀየርኩ። ያለቀውን በመጨረሻው ቀን ከማየት ይልቅ በሁለተኛው ቀን፣ ያልተወራረዱት ዝርዝር ብቻ ተሠርቶ ሳለ፣ ሩብ ሰዓት አየዋለሁ። መንገዱ ከተሳሳተ የሚባክነው ግማሽ ቀን ነው እንጂ ሦስት ቀን አይደለም። ቁጥር አልቀይርም፤ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «ይህ ቼክ ከስድስት ወር በላይ ባንክ ሳይቀርብ ለምን ቆየ?» መልሱን ፈልጋ ታመጣለች፣ የምታስተካክለውም እሷ ናት።

ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት የግድ መውጣት ካለበት እኔው እይዘዋለሁ፤ ግን በቀን፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «የዚህ ወር ብቻ ነው» ብዬ ተናግሬ። ሥራውን ጨርሶ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ጥያቄ ብቻ መወርወር ጭካኔ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሠርቶ ማሳየት ይገባል። ሥራውን ወርውሮ የሚጠፋ አለቃም አለ። እሱ ከኔ አይሻልም።

የከበደኝ ግን ማስተማሩ አልነበረም፤ እጄ ባዶ መሆኑ ነው። ቀኑ ሲመሽ «ይህን ሠራሁ» ብዬ የማሳየው ነገር አጣሁ። ሁለት ወር ያህል የማልረባ ሆኜ ተሰማኝ።

በዚያ ባዶ ጊዜ ነው አንድ ቀላል ጥያቄ የጠየቅኋት፦ «ሦስቱ ቀን የሚያልቀው በምንድን ነው?» ግማሹ በመጠበቅ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ የገቢ ደረሰኞችን የሚልከው ወሩ ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ፣ በአንድ ክምር ነው፤ እሷም ተጣድፋ ስታስገባ አኃዝ ይገለባበጥባታል። እኔ ሥራውን ስይዝ ደረሰኞቹን ራሴ ሄጄ ከሽያጭ ሠራተኞቹ እለምን ስለነበር ነገሩ አልታየኝም። እሷ ሄዳ የሽያጭ ኃላፊውን ልታዘው አትችልም፤ እኔ ግን በእኩያ ደረጃ አነጋግረዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተገናኘን። መጀመሪያ ሰው የለኝም አለ። በሁለተኛው ከክምሩ የመጡ ስድስት የተሳሳቱ ምዝገባዎችን ይዤ ሄድኩ፤ ደረሰኞቹ በየሳምንቱ ዓርብ እንዲላኩ ተስማማን።

አሁን ሪፖርቱ ወሩ ካለቀ በሦስተኛው ቀን ይደርሰኛል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ገቢ አግኝቼበት ሳልነካው መለስኩላት። ከሰዓት በኋላ አስተካክላ ስታመጣው «አንተ፣ ይሄን እንዴት አየኸው?» አለችኝ።